ሰባት ቀን ቀረው

ባለቤቴ ባረፈ በአሥራ አንደኛው ወር መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት በካርቶን ታሽጎ አሰላ ገባ። ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ ስለመጣ ሁለቱን ካርቶን ዝናብ ነክቷቸው ነበር። የረጠቡትን ቅጂዎች በሳሎን ወንበሮች ላይ ዘርግቼ አደረቅኋቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ቢመጣ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም።

እሱ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር። ከሳጉሬ እስከ ጮሌ፣ ከጮሌ እስከ ኦጎልቾ፣ መጀመሪያ በእግሩ፣ ኋላ በሞተር ብስክሌት፣ ዕድሜውን ከገበሬ ማሳ ወደ ገበሬ ማሳ ሲመላለስ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ያየውን በአራት ወፍራም ደብተሮች ላይ ጻፈው። ሳይታተም ሞተ። እኔ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የሠራሁት፤ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ሙያዬ ነው። የሐኪም ጽሑፍ ያነበበች ሴት የባሏን ጽሑፍ አያቅታትም ብዬ ጀመርኩ። በሁለት ጣት፣ ቀን በቀን፣ ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት።

የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ ባለቤቴን ሟች ብሎ ሳይሆን ጸሐፊ ብሎ እንዲጠራው። ከቀብሩ ጀምሮ ስሙ ብቻውን ተነስቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ «ነፍሱን ይማረው» ይከተለዋል። ጸሎቱን አልጠላሁትም። ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ሰው ሁሉ ወደ መሬት ያያል፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ የለም። መጽሐፉ ይህን ይቀይርልኛል ብዬ ነበር።

የምረቃውን ዝግጅት የያዘችልኝ በከተማችን የመጽሐፍ መደብር ያላት ሴት ናት። በዕድሜ ከእኔ በጣም ታንሳለች፤ በሥራ ግን እኔን ታዛለች። የመደብሯ የቴሌግራም ቻናል ብዙ ተከታይ አለው፤ የፌስቡክ ገጽም አላት።

«መጽሐፍ በአንድ ቀን ማስታወቂያ አይሸጥም፤» አለችኝ። «ሰባት ቀን እንቆጥራለን። በየቀኑ አንድ ማጓጊያ። በየቀኑ ሌላ መልክ፤ ትናንት ያየውን ዛሬ ካሳየሽው ሰው አልፎት ይሄዳል። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እራት እስኪቀርብ ስልኩን የሚያይባት ሰዓት ናት።»

በሒሳብ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፈችው። ሰባት ቀን ሲቀር፣ የጸሐፊው ፊት። ስድስት ሲቀር፣ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር። አምስት፣ ስለ ጸሐፊው ሌሎች ያሉት። አራት፣ ለአንባቢ ጥያቄ። ሦስት፣ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ። ሁለት ሲቀር ሽፋኑ ይገለጣል። አንድ ሲቀር ቦታና ሰዓት።

«በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ መሆኑን አንናገርም፤» አለች። «ምን ይሆን ብሎ ይጓጓ።»

አሁን ሳስበው ሁለታችንም ምን ነክቶን ነበር እላለሁ። ቅዳሜ ማታ የወጣው የባለቤቴ ፎቶ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከታች በነጭ ፊደል «ሰባት ቀን ቀረው»። ሌላ ቃል የለም። በሌላ አገር ምናልባት ያጓጓ ይሆናል። በእኛ ከተማ የሞተ ሰው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከቀን ቆጠራ ጋር ከወጣ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሙት ዓመት።

የእራት ሰዓት ሳያልፍ አስተያየቱ ጎረፈ። «ነፍስ ይማር።» «እግዚአብሔር ያጽናሽ።» የሻማ ሥዕል፣ የእንባ ሥዕል፣ የተጣመሩ እጆች ሥዕል። የመደብሯ ባለቤት ደውላ፣ «በቻናሌ ታሪክ እንዲህ የታየ ፖስት የለም!» አለችኝ። የደስታና የድንጋጤ ድምፅ በአንድ ላይ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የእድራችን ዳኛ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ግቢውን በዓይናቸው እየለኩ ነበር።

«ድንኳኑን በዚህ በኩል ነው የምንተክለው? ባለፈው በዚያ በኩል ውኃ ገብቶብናል።»

«የምን ድንኳን ነው ጋሼ?»

«የቅዳሜውን ነዋ። ልጄ በስልክ አሳየችኝ። ቀድመሽ ለእድሩ ብትነግሪ ጥሩ ነበር፤ ግን ሐዘንተኛ አይወቀስም።»

«ጋሼ፣ ሙት ዓመቱ ገና ወር ይቀረዋል። የቅዳሜው የመጽሐፍ ምረቃ ነው።»

«የማን መጽሐፍ?»

«የእሱ።»

«እሱ መጽሐፍ ጻፈ?» ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ሰው ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው? ወንበሩን እንኳ እንላክ» አሉ። ወንበሩን ተቀበልኩ። ድንኳኑን አስቀረሁት።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ሳጉሬ እህል ትነግዳለች፤ ማንበብ አትችልም፤ ስልኳ ጥሪ ብቻ የሚቀበል ነው። ግን የሳጉሬ ገበያ ከማንኛውም ቻናል ይፈጥናል።

«የወንድሜን ሙት ዓመት ከጤፍ ሸማች ልስማው? እኔ ባዳ ሆንኩ?»

«እትዬ፣ ሙት ዓመት አይደለም...»

«ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው።

በዚያው ቀን መደብሩ ሄድኩ። ሴትዮዋ ገና ስገባ፣ «ላጥፋው?» አለችኝ።

እዚህ ላይ የቆየ ልማዴ መጣብኝ። በካርድ ክፍል የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ አይቀደድም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ይፈርማል። የተፋቀ ካርድ ካየን የምንጠረጥረው ከተሳሳተው ካርድ የበለጠ ነበር።

«አታጥፊው። ሰው ሼር አድርጎታል፤ እኛ ብናጠፋው እሱ ጋ ይቀራል። ዛሬ መጽሐፍ መሆኑን እንናገር።»

«የዛሬው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለአንድ ሰዓት ቀጥሬዋለሁ፤ ራሱ ይወጣል።»

«ቀጠሮውን አንሺው። ሽፋኑ ይውጣ።»

«ሽፋኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚገለጠው! ሁሉንም በሁለተኛው ቀን ከሰጠሽው በምን ልናጓጓ ነው?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌላውን ሐሳቧን አወጣችው። «ስሚኝ። እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። ሰው ለሐዘን ይመጣል። ለመጽሐፍ ግን እንደሚመጣ አላውቅም። ለሐዘን ይምጣልን፤ ከመጣ በኋላ መጽሐፉን ያያል፤ ይገዛል። ፎቶውን በየቀኑ ብናወጣ አዳራሹ ይሞላል።»

እውነቷን ነበር። አዳራሹ ይሞላ ነበር። ሰዎች መጽሐፉን ለእኔ ማጽናኛ ብለው ይገዙታል፤ ቤታቸው ወስደው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ማንም አይከፍተውም። ለቅሶ የደረሰ ሰው የሟችን ደብተር አያገላብጥም።

«ፎቶው ከእንግዲህ አይወጣም» አልኳት። «ባዶ አዳራሽም ቢሆን።»

እሑድ ማታ ሽፋኑ ወጣ። የገብስ ማሳ፣ በመካከሉ ቀጭን የእግር መንገድ። «ስድስት ቀን ቀረው። መጽሐፍ ነው።» በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየው ሰው የቅዳሜውን ሩብ አይሆንም። ከሥሩ ሦስት አስተያየት ነበር፤ ሦስቱም «ነፍስ ይማር»።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ከነ ጥቁር ልብሷ መጣች። ወንበር ላይ የተዘረጉትን መጻሕፍት አየች፤ አንዱን አንስታ አገላበጠች፤ ገልብጣም ያዘችው። እኔም አላረምኳትም።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው እትዬ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ለሕዝብ ምን ልታበይ ነው የጠራሽው? ካህናቱ የት አሉ? ወንድሜ ያለ ፍትሐት በወረቀት ሊታሰብ?»

«ሙት ዓመቱን በቀኑ አወጣለታለሁ። ካህናቱም ይጠራሉ፣ ዝክሩም ይደገሳል፤ እርስዎ ባሉኝ መንገድ። ቅዳሜ ግን የእሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን ይስጡኝ።»

«ሥራው እኮ አልቋል። ሞቷል።»

«ሥራው ገና መጀመሩ ነው።»

እንዲህ ደፍሬ ተናግሬያት አላውቅም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች። ወደ ሳጉሬ ግን አልተመለሰችም። ጓዳ ገብታ አልጋዬን ያዘች። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ሶፋ ላይ ተኛሁ።

ያን ማታ፣ አምስት ቀን ሲቀር፣ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ወጣ፦ «እግሬ ያልረገጠውን መሬት አፌ አላስተማረም።» ለዚያ ቀን ተዘጋጅቶ የነበረውን፣ ሌሎች ስለ እሱ ያሉትን፣ ሰረዝነው፤ ባነበው ባነበው የቀብር ንግግር ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አንድ አስተማሪ ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ አወጣው። ሌላ ነገር አልተፈጠረም።

ማክሰኞ የጥያቄው ቀን ነው። ሴትዮዋ ያዘጋጀችው ጥያቄ፣ «ስለ ጸሐፊው ምን ታስታውሳላችሁ?» የሚል ነበር።

«ይህ ለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ነው» አልኳት። ከመጽሐፉ ስለ ውርጭ የተጻፈውን ምዕራፍ ከፈትኩና ሌላ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «በእናንተ አገር ዛሬ ሌሊት ውርጭ እንደሚጥል በምን ታውቃላችሁ?» በአማርኛም በኦሮምኛም አወጣነው፤ ኦሮምኛውን እሷ ጻፈችው።

ምን ልበል። የመጀመሪያው መልስ ከደጋ መጣ፤ «ከብቶቹ ተጠጋግተው ይተኛሉ።» ከዚያ ሌላው፤ «ውሸት፣ ከብት በየቀኑ ይጠጋጋል፤ ሰማዩ ነው፣ ደመና ከሌለና ነፋስ ካቆመ አለቀ።» ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። መጻፍ ስለማይሹ በልጆቻቸው ስልክ ድምፅ ላኩ። አንዱ ሲናገር ከኋላው ሚስቱ «ያንን አይደለም፣ የጢሱን ንገራቸው!» ስትል ይሰማል። ጢስ ቀጥ ብሎ ሳይወጣ መሬት ለመሬት ከተኛ ውርጭ አለ፤ ይህ የእሷ ምልክት ነው። ከኦጎልቾ አንድ ቆለኛ ገብቶ «እናንተ ደገኞች ብርድ ትወዳላችሁ፣ ወደ እኛ ውረዱ» አላቸው፤ ደገኞቹ በወባ ሰደቡት። መደብሩ ቁጭ ብለን እየሰማን ሳቅን። ቆጠርኩ፤ ያን ምሽት አንድም «ነፍስ ይማር» አልተጻፈም።

«አየሽ?» አልኳት።

«አየሁ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሯን ዘግታ፣ «የነገውን አንቀጽ አንቺ ምረጪ» አለችኝ።

የመረጥኩት ከዚያው ከውርጩ ምዕራፍ ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ውርጭ ነዋ፤ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ባለቤቴ በጮሌ አካባቢ ስላየው ነገር የጻፈው ነበር። አንድ ገበሬ ከአባቱ ጀምሮ ገብስ የሚዘራበትን ማሳ አዲስ የስንዴ ዘር ዘራበት። ዘሩ ዘግይቶ ነው የደረሰው። «ዘግይተህ አትዝራ፣ ሲያብብ ውርጭ ያገኘዋል ብዬ ነገርኩት፤ አልሰማኝም» ይላል ጽሑፉ። ስንዴው ባበበ ሰሞን ውርጭ መታው። ዛላው ነጭ ሆኖ ቆመ፤ ውስጡ ፍሬ የለም። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ማሳው ውስጥ ቆመው ሁለቱም ዝም ያሉበትን ቦታ ስገለብጠው አልቅሼ ነበር።

ረቡዕ ማታ «ሦስት ቀን ቀረው» ተብሎ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ሴትዮዋ መደብሯን ሳትከፍት ቤቴ መጣች። ስልኳን ሰጠችኝ። የጻፈችው ጮሌ የምታስተምር ወጣት ናት፦

«አባቴ ነው። አነበብኩለት። አልሰማኝም የተባለው ትክክል አይደለም ይላል። ስለሰማሁት ነው ውርጭ የመታው ይላል። ዝራ ያለኝ እሱ ነው ይላል።»

ከሥሯ ሰዎች ወርደውባታል። «የሞተ ሰው አይወቀስም።» «በሕይወት እያለ የት ነበራችሁ?» «አታፍሩም፣ ሚስቱ ሐዘን ላይ ናት።» ለእኔ ተቆጥተው ነው። ባለቤቴን ወዲያው መልሰው ቀበሩት።

«ልጅቷ የጻፈችውን ላጥፋው፤» አለች ሴትዮዋ። «አንቀጹንም ላውርደው።»

«እስከ ከሰዓት ቆዪ።»

ባለቤቴ መጽሐፉን ከጻፈባቸው ደብተሮች ሌላ የመስክ ማስታወሻዎች ነበሩት። ኪስ የሚገቡ፣ የጎማ ማሰሪያ ያላቸው፣ በሥራ ላይ እያለ በየቀኑ የጻፈባቸው። እነሱን አልገለበጥኳቸውም፤ በጣሳ ውስጥ ነበሩ። የዚያን ዓመቱን አግኝቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። እርሳሱ ደብዝዟል። ቀኑን አገኘሁ፣ የገበሬውን ማሳ አገኘሁ። የእሱ እጅ ነው፦ «ዘር ዛሬ ደረሰ። ዘግይቷል። ይደርሳል ዝራ አልኩት። ገብሱን ሊዘራ ነበር፣ ተወው።»

ከዚያ ከወራት በኋላ ባለው ገጽ አንድ መስመር ብቻ፦ «ውርጭ። ሄጄ አየሁ።»

ለምን መጽሐፉ ላይ ገልብጦ እንደጻፈው አላውቅም። ረስቶት ይሆናል። ሰው ከዓመታት በኋላ ሊል ይገባው የነበረውን ያለው ይመስለዋል። ወይም አፍሮ ነው። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ደብቆኝ አያውቅም። ተናደድኩበት። ከሞተ ወዲህ ስናደድበት የመጀመሪያዬ ነው፤ ብቻዬን ጮክ ብዬ «ምን ነክቶህ ነው?» አልኩት። እትዬ ከጓዳ «ማንን ነው?» አለችኝ።

«ወንድምዎን።»

ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ።

«አቃጥይው ያንን ደብተር።»

«አላቃጥልም።»

«ወንድሜን በሕዝብ ፊት ውሸታም ልታሰኚ ነው? አንቺ ሚስቱ?»

«እትዬ፣ ሟች ብቻ ነው የማይወቀሰው። የጻፈ ሰው ይወቀሳል። ጸሐፊ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ለፈፍኩ፤ አሁን ሲጠየቅ ሟች ነው፣ ተዉት ልበል? ያን ጊዜ ድንኳኑን ብተክል ይሻለኝ ነበር።»

ተነስታ ጓዳ ገባች፣ በሩን ዘጋችው።

መደብሩ ሄጄ ማስታወሻውን በስልክ አነሳነው። ሽፋኑ እሑድ ወጥቶ ስለነበር የሐሙስ ቦታ ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ «ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው መጽሐፌ ስህተት አለበት ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ አይቼ አላውቅም» አለች። ግን እጇ እየሠራ ነበር። ያን ማታ እንዲህ ወጣ፦

«ሁለት ቀን ቀረው። በመጽሐፉ የውርጭ ምዕራፍ ላይ ስህተት አለ። ገበሬው ምክሩን ሰምቶ ነው አንድ ማሳ ያጣው። ዝራ ያለው ጸሐፊው ነው፤ በራሱ እጅ በዕለቱ የጻፈው ይኸውና። እርማቱ ከየመጽሐፉ ጋር ይሰጣል። ለገበሬው የቅዳሜው ወንበር ተይዟል።» ከሥሩ፣ እንደ ካርድ ክፍል ልማድ፣ ያረመችው ብዬ ፈረምኩ።

ዓርብ የእርማት ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ቤት አስባዝተን፣ በመቀስ ቆርጠን፣ በየመጽሐፉ ውስጥ በገጹ ላይ በሙጫ አጣበቅን። ሙጫው ሳይደርቅ ገጽ ከገጽ እንዳይያያዝ እያንዳንዱን ከፍተን እንጠብቅ ነበር። ያን ማታ የመጨረሻው ማጓጊያ ቦታና ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አዳራሹ፣ እንዴት እንደሚደረስ። እኔ አንድ መስመር አስጨመርኩ፦ «ለቅሶ አይደለም። ጥያቄ ይዛችሁ ኑ።»

ቅዳሜ አዳራሹ አልሞላም። ባዶም አልነበረም። የእድሩ ወንበሮች ግማሹ ተይዟል፤ አስተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ የሥራ ባልደረቦቹ፣ የውርጩን ክርክር የተከራከሩ ጥቂት ሽማግሌዎች። ሁለቱ ገና በር ላይ ተገናኝተው ስለ ጢሱ ቀጥለው ነበር። እትዬ ከፊት ረድፍ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። አብራኝ ትምጣ አትምጣ ሳልጠይቃት ነው ቀድማኝ የወጣችው።

ምዕራፉን እኔ አነበብኩ። እርማቱንም አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ ወደ መሬት የሚያዩ ነበሩ። ከመካከል አንድ ረጅም ሽማግሌ ተነሱ፤ አስተማሪዋ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛለች። ማይክሮፎን ሲሰጣቸው በእጃቸው ገፉት።

እትዬ ቀደመቻቸው። ዞር ብላ፣ «ወንድሜን ለመክሰስ ነው ከጮሌ ድረስ የመጣኸው?» አለች።

«ለኪ፣ ለኪ፣ አይደለም፣» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ክስ ቢሆንማ እሱ በሕይወት እያለ እመጣ ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፍ አልነበረም። አሁን መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፍ ደግሞ ልክ መሆን አለበት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። አዳራሹ ተፈታ።

«የእርማት ወረቀቱም ልክ አይደለም» አሉ ሽማግሌው፤ አማርኛቸው ሲያጥራቸው በኦሮምኛ እያሉ፣ ልጃቸው እየተረጎመች። «አንድ ማሳ ይላል። ሦስት ነው። እሱ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ለግራና ለቀኝ ጎረቤቶቼ ነገርኩ። ገብሳቸውን ተዉ። ሦስታችንንም ውርጭ መታን። እነሱ የሰሙት እኔን ነው። እሱ አንድ ማሳ ነው ያጠፋው፤ ሁለቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያንንም ጻፊው።»

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ።»

«ደግሞ በውርጩ ማግሥት መጣ። ያኔ ሌላው ባለሙያ ከመንገድ ሆኖ አይቶን ይመለስ ነበር፤ እሱ ማሳው ውስጥ ገባ። ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩትም። መጽሐፉ ላይ ዝም ተባባልን ያለው እሱ ልክ ነው።»

ተቀመጡ። ከዚያ እጆች ወጡ። አንዱ የቀድሞ ባልደረባው ዘሩ የዘገየበትን ምክንያት ተናገረ፤ ሌላው ምክንያቱ ሌላ ነው አለ። አንዲት ሴት ከደጋ ጸሐፊው ለምን ስለ ሴቶች ጓሮ አልጻፈም ብላ ጠየቀች፤ የሚመልስላት አልነበረም፤ ግን ጥያቄው ለእሱ ነበር። «ለምን ጻፈ»፣ «እንዴት እንዲህ ይላል»፣ «እዚህ ላይ ተሳስቷል»። ስሙ ሃያ ጊዜ ተነሳ፣ ሃያውንም ጊዜ ብቻውን፣ «ነፍሱን ይማረው» ሳይከተለው።

መጽሐፉን የያዙ ሰዎች ጠረጴዛዬ ፊት ተሰለፉ። የመጀመሪያው አስተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ፣ «ጸሐፊው ሊፈርሙልን ስላልቻሉ እርስዎ ይፈርሙልኝ» አለኝ።

«ፊርማ የለኝም፤ እርማት አለኝ» አልኩት። የተጣበቀችውን ወረቀት ፈልጌ «አንድ ማሳ» በሚለው ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጌ፤ ከጎኑ በእጄ ጻፍኩ፦ «ሦስት ማሳ። ሁለቱ የጎረቤቶቹ ናቸው። ገበሬው የሰማው ባለሙያውን ነው፣ እነሱ የሰሙት ገበሬውን ነው።» ከሥሩ ስሜን። በእያንዳንዱ ላይ እንዲህ ነው የማደርገው ብዬ ስለተናገርኩ ሰልፉ ረዘመ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ማንም አልሄደም፤ ቆመው ስለ ውርጭ ይከራከሩ ነበር።

ከአሥር መጽሐፍ በኋላ እጄ ደከመ። እትዬ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማንበብ አትችልም፤ ግን የእርማት ወረቀቷ ከሌላው ገጽ ወፈር ስለምትል በጣቷ ዳስሳ ታገኛታለች። መጽሐፉን ተቀብላ፣ ገጹን ከፍታ፣ በሁለት መዳፏ ተጭና ያዘችልኝ።

«ሦስት ብለሽ ጻፊ፣» አለችኝ። «ስለ ማሳ የሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው።»

ከዚያ ቀና ብላ ሰልፉን አየችና፣ «ቀጣይ!» አለች።